«በ2 አባዝቻለሁ»፦ የዲዛይን ኢፌክት ታሪክ እና አንድ ቁጥር ከቤቱ ሲወጣ

የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ 2 ነው።

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በሚያቀርቡበት መድረክ ላይ ለብዙ ዓመታት ፈታኝ ሆኜ ተቀምጫለሁ። በናሙና አወሳሰድ ክፍል ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ትመጣለች፤ «ናሙናው በሁለት ደረጃ የተወሰደ ስለሆነ የናሙናው መጠን በ2 ተባዝቷል» የምትል። «ለምን በ2? ለምን በ3 ወይም በ7 አልሆነም?» ብዬ ስጠይቅ፣ ተማሪው በአብዛኛው ከእሱ በፊት የሠሩትን ይጠቅሳል። እነርሱም ከእነርሱ በፊት የነበሩትን ጠቅሰዋል። በዚህ መልስ አልስቅም፤ እኔም በወጣትነቴ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነበርና። ያ መልስ ምን እንዳስከፈለ በቅድሚያ ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ወደ ተወለደበት ቤት እንሄዳለን።

አንድ የራሴ ስህተት

ከሃያ ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ዞን ምን ያህሉ ቤተሰብ መጸዳጃ ቤት እንዳለው የሚያጠና ሥራ መርቼ ነበር። የናሙናውን መጠን ያሰላሁት ሁላችሁም በምታውቁት መንገድ ነው። የሚገመተው ድርሻ 50 በመቶ፣ የስህተት ወሰኑ 5 በመቶ፣ የመተማመኛው ደረጃ 95 በመቶ ሲሆን ቀላሉ የእጣ ናሙና 384 ቤተሰብ ይሆናል። ይህን በ2 አባዛሁና 768 አገኘሁ፤ መልስ የማይሰጡ ይኖራሉ ብዬ ወደ 800 አጠጋጋሁት። ለመጓጓዣ የነበረን ገንዘብ ጥቂት ስለነበረ ዐሥር ቀበሌዎችን ብቻ በቤተሰብ ብዛታቸው ልክ ዕድል ሰጥተን በእጣ መረጥን። ከየቀበሌው ደግሞ 80 ቤተሰብ ወሰድን።

ውጤቱ 52 በመቶ ሆነ። ኮምፒዩተሩ 800ውን ቤተሰብ እንደ 800 ነጻ ምስክሮች ቆጥሮ የስህተት ወሰኑ 3.5 በመቶ ብቻ መሆኑን ነገረኝ፤ እኔም ይህንኑ በሪፖርቱ ላይ ጻፍኩ። በዓመቱ በተመሳሳይ ዘዴ ሌሎች ዐሥር ቀበሌዎች ተመርጠው ጥናቱ ተደገመ፤ ውጤቱ 60 በመቶ ሆነ። የስምንት ነጥብ ልዩነቱን በተለመደው ፈተና ብፈትነው የፒ ዋጋው ከ0.01 በታች ወጣ። «በመካከሉ የተካሄደው የቅስቀሳ ሥራ ለውጥ አምጥቷል» ብዬ ደመደምኩ። በዚህ ድምዳሜ ላይ ተመሥርቶ የቀጣዩ ዓመት በጀት ከዚያ ዞን ተነሥቶ ሌላ ቦታ ተመደበ፤ «እዚህስ ሥራው ተሠርቷል» ተባለ።

ቆይቼ መረጃውን በትክክለኛው መንገድ ሳሰላው ድምዳሜዬ ፈረሰ። በመጀመሪያው ዓመት በዐሥሩ ቀበሌዎች መጸዳጃ ቤት ያላቸው ቤተሰቦች ድርሻ፣ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ሲደረደር፣ በመቶኛ እነሆ፦ 20፣ 30፣ 40፣ 45፣ 50፣ 55፣ 60፣ 65፣ 70፣ 85። አማካዩ 52 ነው። ይህን ዝርዝር ያዙልኝ፤ የዛሬው ንግግር በሙሉ በእርሱ ውስጥ አለ።

ዐሥር ድስት እና ስምንት መቶ ጭልፋ

በአንድ ትልቅ ድግስ ብዙ ድስት ወጥ ተሠርቷል እንበል። ጨው በአማካይ ምን ያህል እንደገባ ማወቅ ብትፈልጉ ከዐሥር ድስቶች ሰማንያ ሰማንያ ጭልፋ ትቀምሳላችሁን? ማንም እንዲህ አያደርግም። ከአንድ ድስት ሁለተኛው ጭልፋ ከመጀመሪያው የተለየ ነገር እምብዛም አይነግርም። ስምንት መቶ ጊዜ የቀመሰ ሰው ስለ ዐሥር ድስቶች እጅግ ብዙ ያውቃል፤ ስለ ድግሱ የሚያውቀው ግን የዐሥር ድስት ያህል ነው።

ቀበሌም ድስት ነው። የአንድ ቀበሌ ሰዎች አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትጎበኛቸዋለች፤ አፈሩ ለመቆፈር ይመች እንደሆነ ለሁሉም ይመቻል፤ ውኃው ቢርቅ ለሁሉም ይርቃል፤ ጎረቤት ሲቆፍር ጎረቤት ያያል። ስለዚህ የአንዱ ቤት መልስ የሌላውን መልስ በከፊል ይናገራል። በስታትስቲክስ ቋንቋ በናሙና ውስጥ በአንድነት የሚመረጡትን ሰዎች ስብስብ «ክላስተር» እንለዋለን፤ በአንድ ክላስተር ውስጥ ያሉ ሰዎች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ የሚለካውን ቁጥር ደግሞ «የውስጠ ክላስተር ተዛምዶ» እንለዋለን፤ ምልክቱ ρ ነው። የቀበሌው ሰዎች በዞኑ ውስጥ በእጣ ከተሰበሰቡ ሰዎች የበለጠ የማይመሳሰሉ ከሆነ ρ ዜሮ ነው። ሁሉም ፍጹም አንድ ከሆኑ ρ 1 ነው፤ ያን ጊዜ ከአንድ ቀበሌ አንድ ቤት መጠየቅ ይበቃል።

የሐሳቡ የዘር ሐረግ

ይህን የመመሳሰል መለኪያ ለብዙ ሰው ያስተማረው ሮናልድ ፊሸር ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ለተመራማሪዎች የስታትስቲክስ ዘዴ የሚያስተምር መጽሐፉ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። የተነሣበት ምሳሌ የወንድማማቾች ልኬት ነበር። የአባትና የልጅን ቁመት ስናዛምድ ማን አባት፣ ማን ልጅ እንደሆነ እናውቃለን። ሁለት ወንድማማቾችን ስናዛምድ ግን «አንደኛው» እና «ሁለተኛው» የሚባል ቋሚ ቦታ የላቸውም፤ ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የሚለካውም በአንድ ቤት ውስጥ ያለው መመሳሰል በቤቶች መካከል ካለው ልዩነት ጋር ሲነጻጸር ነው። ቀበሌ በዚህ ስሌት ውስጥ ብዙ ወንድማማቾች ያሉበት ቤት ማለት ነው።

ሐሳቡን ወደ ሕዝብ ናሙና ያመጡት በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ይሠሩ የነበሩት ሞሪስ ሃንሰንና ዊሊያም ኸርዊትዝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተሙት ጽሑፍ የጠየቁት ጥያቄ የቢሮ ሰው ጥያቄ ነበር፦ ጠያቂን አንድ ሰፈር ድረስ ልኮ ብዙ ቤት ማስጠየቅ ርካሽ ነው፤ ግን ይህ ርካሽነት ከመረጃው ጥራት ምን ያህል ይወስዳል? መልሱን በስፋት የተሸከመው ዛሬ ሁላችን የምንጠቀምበት ቀመር ነው፦

deff = 1 + (b − 1) × ρ

እዚህ ላይ b ከአንድ ክላስተር የሚወሰዱት ሰዎች ቁጥር ነው። የቀመሩ ትርጉም ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተጠያቂ በናሙናው ውስጥ b − 1 የሰፈር ባልንጀሮች አሉት፤ ከእያንዳንዱ ባልንጀራው ጋር የሚጋራው መጠን ρ ነው። ቁጥር 1 ራሱ ተጠያቂው ነው፤ የቀረው ከባልንጀሮቹ ጋር የሚደጋገመው ነገር ድምር ነው። ድግግሞሹ በበዛ ቁጥር የአማካዩ ቫሪያንስ በዚያው ልክ ያብጣል።

ስሙን የሰጠው ደግሞ ሌዝሊ ኪሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ዛሬ ስሎቫኪያ በተባለው አገር ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሰደደ፣ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጋ፣ በኋላም በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የኖረ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው የናሙና ጥናት መጽሐፍ፣ የአንድ ናሙና ትክክለኛ ቫሪያንስ ተመሳሳይ መጠን ካለው ቀላል የእጣ ናሙና ቫሪያንስ ጋር ሲነጻጸር የሚገኘውን ውጤት «ዲዛይን ኢፌክት» አለው፤ በአጭሩም «ዴፍ»። ካሬ ሥሩን ደግሞ «ዴፍት» ብለን እንጠራዋለን። ይህ ስያሜ አንድ ትልቅ ነገር አስገኘ፤ የአንድ ጥናት ልምድ ወደ ሌላ ጥናት የሚተላለፍ ቁጥር ሆነ። ችግሩም የተወለደው ከዚሁ ነው፤ ቁጥሩ ተላለፈ፣ የተወለደበት b ግን አብሮት አልተጓዘም።

ሁለት የተወለደበት ቤት

በጤናው ዓለም ቁጥር 2ን ያነገሠው የክትባት ሽፋን ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሰርፍሊንግና ሸርማን በአሜሪካ ለአካባቢ የጤና መሥሪያ ቤቶች የናሙና መመሪያ አዘጋጁ። ዘዴው በምዕራብ አፍሪካ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ላይ የክትባት ሽፋንን ለመገመት ተሻሽሎ ተሠራበት። እ.ኤ.አ. በ1974 የዓለም ጤና ድርጅት የተስፋፋውን የክትባት ፕሮግራም ሲጀምር በየአገሩ ያሉ የጤና ሠራተኞች ያለ ኮምፒዩተርና ያለ ስታትስቲክስ ባለሙያ ሊሠሩበት የሚችሉት ዘዴ አስፈለገ። የተመረጠው ይኸው ነበር፦ ሠላሳ ክላስተር፣ ከየክላስተሩ ሰባት ሕፃናት፣ በድምሩ 210።

ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ተከተሉኝ። ድርሻው 50 በመቶ፣ ወሰኑ 10 በመቶ ሲሆን ቀላሉ የእጣ ናሙና 96 ነው። ይህ በ2 ሲባዛ 192 ይሆናል። 192 ለ30 ሲካፈል 6.4 ነው፤ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 7። ሰባት ሕፃናት ያሉት ክላስተር ዴፉ 2 ነው ማለት ደግሞ 1 + 6 × ρ = 2 ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ρ አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም 0.167 ገደማ ነው ተብሎ ተገምቷል። አንድ ክትባት ሰጪ ቡድን መንደሩን በሙሉ ይደርሰዋል ወይም በሙሉ ያልፈዋል፤ ስለዚህ ለክትባት ይህ ግምት ምክንያታዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ሄንደርሰንና ሰንዳሬሳን 60 እውነተኛ ጥናቶችንና በኮምፒዩተር የተመሰሉ 1,500 ጥናቶችን መረመሩ፤ አንዳንዶቹ ጥናቶች ከተፈለገው የ10 በመቶ ወሰን ቢያልፉም ዘዴው በአጥጋቢ ሁኔታ እንደሚሠራ ደመደሙ።

እንግዲህ ልብ በሉ። 2 ብቻዋን የቆመች ቁጥር አልነበረችም። ሦስት ጓደኞች ነበሯት፦ 7 ሕፃናት በክላስተር፣ 30 ክላስተር፣ የ10 በመቶ ወሰን። እኛ 2ን ብቻ ከቤቷ አውጥተን 80 ቤተሰብ ወዳለበት ቀበሌ ወሰድናት።

ወደ ዐሥሩ ቀበሌዎች እንመለስ

አሁን የያዛችሁልኝን ዝርዝር አውጡ። ከየቀበሌው እኩል ቁጥር ስለወሰድን የናሙናው ግምት የዐሥሩ ቀበሌ ውጤቶች አማካይ ነው። የአማካዩን ቫሪያንስ ለመገመት የምንፈልገው የዐሥሩን ቁጥሮች ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከ52 የሚርቅበትን ካሬ ስንደምር 3,360 እናገኛለን። ለ9 ስናካፍለው 373 ይሆናል። ይህን ለ10 ስናካፍለው የአማካዩ ቫሪያንስ 37.3 ነው፤ ካሬ ሥሩ፣ ማለትም መደበኛ ስህተቱ፣ 6.1 ነጥብ ነው።

800 ቤተሰቦቹ ከዞኑ በሙሉ በቀላል እጣ ቢወሰዱ ኖሮ ቫሪያንሱ ስንት ይሆን ነበር? 52 ሲባዛ በ48፣ ለ800 ሲካፈል 3.12 ነው። ዴፉ የሁለቱ ንጽጽር ነው፦ 37.3 ለ3.12፣ ማለትም 12 ገደማ። እኔ 2 ብዬ የገመትኩት ነገር 12 ነበር። ρ ደግሞ (12 − 1) ለ79 ሲካፈል 0.139 ነው። አስተውሉ፦ ρ ከክትባት ጥናቱ ግምት እንኳ ትንሽ ያንሳል። ሰዎቼ ከሚጠበቀው በላይ አልተመሳሰሉም፤ ከአንድ ቀበሌ እጅግ ብዙ ሰው የወሰድኩት እኔ ነኝ።

800 ለ12 ሲካፈል 67 ነው። ይህ «ውጤታማ የናሙና መጠን» የምንለው ነው፦ 800 ቤት አንኳኩቼ ያገኘሁት መረጃ በእጣ ከተመረጡ 67 ቤቶች ከሚገኘው ጋር እኩል ነበር። ክላስተሮቹ ዐሥር ብቻ ስለሆኑ የነጻነት ደረጃው 9 ነው፤ በ1.96 ፈንታ 2.26 እንጠቀማለን፤ የስህተት ወሰኑም 14 ነጥብ ገደማ ይሆናል። እውነተኛው ድርሻ ከ38 እስከ 66 በመቶ ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል። የሁለተኛው ዓመት ጥናትም ተመሳሳይ መደበኛ ስህተት ስለነበረው፣ የስምንት ነጥቡ ልዩነት መደበኛ ስህተት 8.6 ነው። ከራሱ መደበኛ ስህተት የሚያንስ ልዩነት ይዤ «ለውጥ መጣ» አልኩ። በሁለተኛው ዓመት ከፍ ያሉት ቀበሌዎች በእጣ ስለደረሱን ብቻ ሊሆን ይችላል። በጀቱ የተነሣበት ዞን ሰዎች ስለዚህ ስሌት የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

ቤት መጨመር ወይስ ቀበሌ መጨመር

«ታዲያ ዴፉ 12 ከሆነ 384ን በ12 ላባዛ» የሚል ተማሪ ይኖራል። ይህ ሁለተኛው ወጥመድ ነው። 384 በ12 ሲባዛ 4,608 ይሆናል፤ ይህን በዐሥር ቀበሌ ብናከፋፍለው ከየቀበሌው 461 ቤት ነው። ነገር ግን b ሲጨምር ዴፉም አብሮ ይጨምራል፤ አሁን ዴፉ 65 ገደማ ደረሰ። ውጤታማው መጠን 71 ብቻ ነው። ከ800 ወደ 4,608 ቤት ሄደን ያገኘነው ጭማሪ አራት ቤት ነው። ቀመሩን ስታፍታቱት ጣሪያው ይታያችኋል፦ ከየቀበሌው የሚወሰደው ሰው ያለ ገደብ ቢጨምር ውጤታማው መጠን የክላስተሮቹ ቁጥር ለρ ሲካፈል ከሚገኘው አያልፍም። በእኛ ጉዳይ 10 ለ0.139፣ ማለትም 72። ዐሥር ቀበሌ ይዞ የ5 በመቶ ወሰን መድረስ በማንኛውም የቤት ቁጥር አይቻልም።

ሃንሰንና ኸርዊትዝም ያስገነዘቡት አንድ ነገር እዚህ ይገባል። ክላስተሩን ሰፊ ስናደርገው ρ ራሱ ዝቅ ይላል፤ ሩቅ የሆኑ ጎረቤቶች ያን ያህል አይመሳሰሉምና። ነገር ግን ρ የሚወርደው በዝግታ ነው፤ b ግን በፍጥነት ይጨምራል። ስለዚህ የሁለቱ ብዜት ያድጋል እንጂ አይቀንስም።

አሁን ያንኑ 800 ቤት በሌላ መንገድ እናከፋፍለው። ከ40 ቀበሌ 20 ቤት ብንወስድ ዴፉ 1 + 19 × 0.139፣ ማለትም 3.6 ነው፤ ውጤታማው መጠን 220፣ የስህተት ወሰኑ 6.6 ነጥብ። ከ80 ቀበሌ 10 ቤት ብንወስድ ዴፉ 2.25፣ ውጤታማው መጠን 355፣ ወሰኑ 5.2 ነጥብ። የቤቱ ቁጥር አንድ፣ ρ አንድ፤ የተለወጠው አከፋፈሉ ብቻ ነው፤ ወሰኑ ግን ከ14 ወደ 5 ወረደ። ከየቀበሌው 8 ቤት ብንወስድ ዴፉ 1.97 ይሆናል። 2 ቤቷን ያገኘችው እዚያ ነው፤ ሰባት ሕፃናት ከተቆጠሩበት ክላስተር አጠገብ።

በእርግጥ 80 ቀበሌ መድረስ ነዳጅና አበል ይፈጃል። ይህን ማንም አይክድም። ስለዚህ የናሙና ዕቅድ ሲወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ቤተሰብ?» ሊሆን አይገባም፤ «በዚህ ገንዘብ ስንት ክላስተር መድረስ እችላለሁ?» ነው። መልሱ ዐሥር ከሆነ የስህተት ወሰኑን በግልጽ መጻፍ፣ ወይም የጥያቄውን ስፋት መቀነስ ነው።

ρን ከየት እናምጣ

የራሳችሁ የሙከራ ጥናት ከሌለ ጥሩው ምንጭ ቀደም ሲል የተሠራ ትልቅ ጥናት ነው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሪፖርቶች በአባሪያቸው የናሙና ስህተት ሠንጠረዥ አላቸው፤ በዚያ ውስጥ ለእያንዳንዱ አመልካች ዴፍት ተጽፏል። እርሱን በራሱ ስታባዙት ዴፍ ታገኛላችሁ፤ ከዚያ 1 ቀንሳችሁ ለ b − 1 ስታካፍሉ ρ ይወጣል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ የሚካፈለው b የዚያ አመልካች b መሆን አለበት። የ2016ቱ ጥናት በ645 ክላስተር፣ ከየክላስተሩ 28 ቤተሰብ መረጠ። ስለ መጸዳጃ ቤት ከሆነ b ወደ 28 ይጠጋል። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ስለሆኑ ሕፃናት ክትባት ከሆነ ግን በመላ ናሙናው የተገኙት 2,000 ገደማ ናቸው፤ በአንድ ክላስተር ሦስት ሕፃናት ማለት ነው። እዚያ ዴፉ ትንሽ ሆኖ ብታዩት መመሳሰሉ ትንሽ ነው ማለት አይደለም፤ ባልንጀራው ስላነሰ ነው። ያንን ትንሽ ዴፍ ሳይለወጥ ወስዶ 80 ሕፃናት ባሉበት ክላስተር ላይ መጠቀም እኔ የሠራሁትን ስህተት መድገም ነው። ሁለተኛው፣ በሪፖርቱ ያለው ዴፍት የክላስተሩን ብቻ አይይዝም፤ ክልሎች እኩል ባልሆነ ዕድል መመረጣቸውና ለዚህ የሚሰጠው ክብደት የሚያመጣው ጭማሪም አለበት። ስለዚህ የምታወጡት ρ ከእውነተኛው ከፍ ሊል ይችላል፤ ለዕቅድ ግን ከፍ ያለ ግምት ከዝቅተኛው ይሻላል።

ለመረጃ ትንተናም አንድ ምልክት ልስጣችሁ። የጥናታችሁ የስህተት ወሰን ኮምፒዩተሩ የትኛው ቤት ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ሳይነገረው የወጣ ከሆነ፣ ቁጥሩ የቀላል እጣ ናሙና ቁጥር ነው። ናሙናውን በ2 አባዝቶ ትንተናውን እንደ ቀላል እጣ መሥራት፣ ዝናብን ፈርቶ ጃንጥላ ገዝቶ በዝናብ ጊዜ ግን ጃንጥላውን ቤት ጥሎ እንደ መውጣት ነው። በወረቀት ላይ ለመፈተን ደግሞ እኔ ያደረግሁትን አድርጉ፦ የየቀበሌውን ውጤት በአንድ መስመር ደርድሩት። 20 እና 85 በአንድ መስመር ላይ ከታዩ፣ ማንም ፕሮግራም ከመናገሩ በፊት ቁጥሮቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ከዚያ በኋላ ለዚያ መሥሪያ ቤት የእርማት ደብዳቤ ጻፍኩ። በጀቱ አልተመለሰም፤ ደብዳቤው ሲደርስ ዓመቱ አልፎ ነበር። ዛሬ ዝርዝሩን ለእናንተ ያነበብኩት ስለዚህ ነው። በሚቀጥለው መድረክ «ናሙናውን በ2 አባዝቻለሁ» የሚል ተማሪ ሲመጣ የምጠይቀው ጥያቄ እንግዲህ የታወቀ ነው፦ ከየክላስተሩ ስንት ሰው ወሰድክ? ከየክላስተሩስ ስንት ሰው ወሰድሽ? መልሱ 7 ወይም 8 ከሆነ በደስታ አልፋለሁ። መልሱ 80 ከሆነ፣ ዐሥሩን ቁጥሮች በሰሌዳው ላይ እንድትጽፉልኝ እጠይቃለሁ።